ፓይሉ የት ይቁም? ከሞጆ ሳይት የተጻፈ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት 18

የአፈር ምርመራ ሪፖርቱ ዛሬ ጠዋት እጄ ገባ። ሕንፃው ከሞጆ ወጣ ብሎ፣ ወንዝ ዳር የሚሠራ ባለ ሰባት ፎቅ ነው። የስትራክቸር ባልደረባዬ የዓምዶቹን ጭነት ለፓይሎቹ፣ ማለትም መሬት ተቆፍሮ ለሚሞሉት የኮንክሪት ምሰሶዎች፣ አካፍላ ጨርሳለች። ለአንድ ፓይል የደረሰው 800 ኪሎ ኒውተን ነው፤ ወደ 80 ቶን መሆኑ ነው። ዲያሜትሩ 80 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ኮንትራክተሩ ያለው የመቆፈሪያ ባልዲ በዚያ ልክ ስለሆነ። ለእኔ የቀረው ጥያቄ አንድ ነው፦ ስንት ሜትር ይውረድ?

አፈሩ እንዲህ ነው። ከላይ እስከ 2.5 ሜትር ጥቁር አፈር፣ ማለትም ክረምት የሚያብጥ በጋ የሚሰነጠቅ ዋልካ አለ። ከዚያ እስከ 9 ሜትር ጠንከር ያለ ቡናማ ሸክላ ነው። ከ9 እስከ 13 ሜትር ደለል የቀላቀለ አሸዋ ይመጣል። ከ13 እስከ 16 ሜትር ግራጫ ሸክላ አለ፤ ይሄ ከላዩ ካለው ቡናማ ይለሰልሳል። ከ16 ሜትር በታች እስከ ምርመራው መጨረሻ፣ እስከ 26 ሜትር ድረስ፣ በጣም ጠንካራ ሸክላ ነው። ውኃ የተገኘው 4 ሜትር ላይ ነው።

ፓይል ጭነቱን በሁለት መንገድ ነው የሚያስተላልፈው። አንደኛው በጎኑ ነው፤ ኮንክሪቱና አፈሩ ይተሻሻሉና ሰበቃው ይይዘዋል። ሁለተኛው በታችኛው ጫፉ ነው፤ እዚያ ያረፈበት አፈር ይሸከመዋል። የመጀመሪያውን የጎን ሰበቃ፣ ሁለተኛውን የጫፍ ድጋፍ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ጥቅምት 19

ከስሌቱ በፊት ቁጥር መምረጥ አለ። ብዙው ስህተት የሚገባው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ለሸክላ የምፈልገው ውኃው ሳይወጣ የሚለካውን የመቆረጥ ጥንካሬ ነው፤ `cu` የምንለውን። ከቡናማው ሸክላ ላብራቶሪ የሞከራቸው አራት ናሙናዎች 58፣ 72፣ 84 እና 91 ኪሎ ፓስካል ሰጥተዋል። አማካያቸው 76 ነው። የመዶሻ ሙከራው ቁጥር ደግሞ፣ ማለትም የኤስ.ፒ.ቲ. ምቱ፣ ከ13 እስከ 15 ነው። ለሸክላ ይህን ቁጥር በ5 አባዝቶ `cu`ን መገመት የተለመደ ነው፤ ከ65 እስከ 75 ይሰጣል። ሁለቱ መንገዶች ተቀራረቡ። 70 ያዝኩ።

ግራጫው ሸክላ ላይ ምቱ ወደ 10 ይወርዳል፤ 50 ኪሎ ፓስካል ወሰድኩ። የታችኛው ጠንካራ ሸክላ ሦስት ናሙና አለው፦ 124፣ 138 እና 171። ያቺ 171 አማካዩን ወደ ላይ ትጎትተዋለች። በሦስት ናሙና ላይ አንዷ ከፍ ስላለች ብቻ መመካት አልፈለግኩም፤ 130 ብዬ ቆረጥኩ።

አሸዋው ላይ ምቱ 22፣ 25 እና 28 ነው። አማካዩ 25 ሲሆን፣ የውስጥ ሰበቃ ማዕዘኑን 34 ዲግሪ ገመትኩ።

ጥቁሩን አፈር ከስሌቱ ሙሉ በሙሉ አወጣሁት። በጋ ሲደርቅ ከፓይሉ ይላቀቃል፤ በስንጥቁ ውስጥ እጅ ማስገባት ይቻላል። እንዲህ ያለ አፈር ጭነት አብሮ ይይዛል ብሎ መቁጠር አይቻልም። ክረምት ደግሞ ሲያብጥ ፓይሉን አንቆ ወደ ላይ ይስበዋል። እሱን ብረቱ ላይ ስደርስ አየዋለሁ።

ጥቅምት 20፣ ማታ

የመጀመሪያው ስሌት አለቀ። ያሰብኩት ቀላል ነበር፦ አሸዋው ጥሩ ነው፣ ሦስት ሜትር ገብተንበት 12 ሜትር ላይ እንቁም።

ለሸክላ የምጠቀመው ቀመር ይሄ ነው፤ ቀጥሎ ያለው ለአሸዋ ነው፦

```
ሸክላ፦  fs = α × cu
አሸዋ፦  fs = β × σ'v
```

`fs` በአንድ ካሬ ሜትር የፓይል ጎን ላይ የሚገኘው ሰበቃ ነው። `α` ከሸክላው ጥንካሬ ምን ያህሉ ከኮንክሪቱ ጋር እንደሚሠራ ይነግራል። ቁፋሮው የጉድጓዱን ግድግዳ ያላላዋል፣ ውኃም ከእርጥብ ኮንክሪት ወደ ሸክላው ይገባል፤ ስለዚህ ሙሉው ጥንካሬ አይገኝም። 0.55 ወሰድኩ። 0.55 በ70 ሲባዛ 38.5 ኪሎ ፓስካል ነው። የፓይሉ ዙሪያ 2.51 ሜትር፣ የሸክላው ውፍረት 6.5 ሜትር ነው። ውጤቱ 629 ኪሎ ኒውተን።

ለአሸዋው `σ'v` ያስፈልገኛል፤ የላይኛው አፈር ክብደት የውኃው ግፊት ከተቀነሰለት በኋላ። ከ9 እስከ 12 ሜትር ባለው ክፍል መሐል፣ 10.5 ሜትር ላይ፣ ወደ 124 ኪሎ ፓስካል ይመጣል። `β` ከዚህ ግፊት ምን ያህሉ ሰበቃ እንደሚሆን ይነግራል፤ እሱን ከጥልቀት ብቻ የሚያወጣ፣ በአሜሪካ የመንገድ ሥራ ማኑዋሎች ቀድሞ የተለመደ የነበረ ቀመር አለ፦

```
β = 1.5 − 0.245 × √z
```

`z` በሜትር ነው። ለ10.5 ሜትር 0.71 ይሰጣል። ሰበቃው 88 ኪሎ ፓስካል ሆነ፤ በሦስቱ ሜትር ላይ 663 ኪሎ ኒውተን። ለጫፉ ደግሞ የምቱን ቁጥር በ57.5 ማባዛት ነው፤ 1437 ኪሎ ፓስካል። የጫፉ ስፋት 0.503 ካሬ ሜትር ስለሆነ 723 ኪሎ ኒውተን።

ሲደመር 2015። የምፈልገው 800 በደህንነት ማካፈያ 2.5 ሲባዛ 2000 ነው። አለፈ። ፋይሉን ዘግቼ ተኛሁ።

ጥቅምት 21

ጠዋት የቦሪንግ ሎጉን፣ የአፈሩን ንብርብሮች በጥልቀት የሚያሳየውን ሥዕል፣ እንደገና ዘረጋሁት። የፓይሉን ሥዕል ጎኑ ላይ በልኬት ሳስቀምጠው ነገሩ ታየኝ። የፓይሉ ጫፍ 12 ሜትር ላይ ነው። ግራጫው ሸክላ 13 ላይ ይጀምራል። ከጫፉ ሥር ያለው አሸዋ አንድ ሜትር ብቻ ነው።

ጫፉ የሚጫነው የቆመበትን ነጥብ ብቻ አይደለም። ጫናው ከሥሩ ወደ ታች ይሰፋል፤ ከሥር ለስላሳ ነገር ካለ አሸዋው እንደ ቀጭን ሳንቃ ተሰብሮ ይሰምጣል። ለዚህ የሚሠራበት መንገድ የሁለቱን አፈሮች አቅም ወስዶ በርቀቱ ልክ ማመጣጠን ነው። ከለስላሳው አፈር በላይ ያለው ርቀት አሥር ዲያሜትር ከሆነ ብቻ የአሸዋው ሙሉ አቅም ይገኛል። ለእኔ አሥር ዲያሜትር 8 ሜትር ነው። ያለኝ 1 ሜትር ነው።

```
q = 450 + (1437 − 450) × 1/8 = 573
```

450ው የግራጫው ሸክላ ጫፍ አቅም ነው፤ 9 በ50። ስለዚህ የጫፉ ድጋፍ ከ723 ወደ 288 ኪሎ ኒውተን ወረደ።

ይሄ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። 0.71 ያልኩት `β`ም አላስተኛኝም። በሌላ መንገድ አሰላሁት፦

```
β = K × tan δ
```

`δ` በኮንክሪቱና በአሸዋው መካከል ያለው የሰበቃ ማዕዘን ነው፤ `K` ደግሞ አፈሩ ፓይሉን በጎን የሚገፋበት ልክ ነው። መሬቱ ሳይነካ በነበረበት ሁኔታ፣ ለ34 ዲግሪ አሸዋ፣ 0.44 ነው። ከዚህ የሚገኘው `β` 0.30 ይሆናል። በአንድ አፈር ላይ አንዱ መንገድ 0.71፣ ሌላው 0.30። ከእጥፍ በላይ ልዩነት ነው።

ሁለቱም የሚያስቡት ነገር አላቸው። ጉድጓድ ሲቆፈር አሸዋው ወደ ባዶው ይላላል፤ `K` ይወርዳል። ከዚያ እርጥብ ኮንክሪት ሲሞላ በክብደቱ ግድግዳውን መልሶ ይገፋዋል፤ `K` ይመለሳል። ምን ያህል ይመለሳል የሚለው በቁፋሮው ጥራት፣ ጉድጓዱ ክፍት ሆኖ በቆየበት ሰዓትና ግድግዳው ላይ በተጣበቀው ቤንቶናይት፣ ማለትም ጉድጓዱ እንዳይናድ በምንሞላው የሸክላ ፈሳሽ፣ ይወሰናል። ከጥልቀት ብቻ የሚያሰላው ቀመር ይህን አያይም። እኛ ከውኃ በታች፣ ደለል ባለበት አሸዋ ውስጥ፣ በቤንቶናይት ነው የምንቆፍረው። `K`ን 0.7፣ `δ`ን ከ34 ዝቅ አድርጌ 30 ዲግሪ ያዝኩ። `β` 0.40 ሆነ። ይሄ ቁጥር የእኔ ፍርድ ነው፤ ከመጽሐፍ አልመጣም። በስሌት ወረቀቱም ላይ እንደዚያው ጻፍኩት፣ አንባቢ እንዲያውቀው።

በአዲሶቹ ቁጥሮች የ12 ሜትሩ ፓይል 629 ከጎን በሸክላ፣ 377 ከጎን በአሸዋ፣ 288 ከጫፍ አለው። ድምሩ 1294 ነው። ማካፈያው 1.6 ብቻ ሆነ። ትናንት ማታ አልፏል ያልኩት ፓይል አላለፈም።

ጥቅምት 23

አማካሪው መሥሪያ ቤት ካሉት ትልቅ መሐንዲስ ጋር ተቀመጥኩ። ስሌቱን ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩና አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፦ "ልጄ፣ ጫፉ ባይሠራስ?"

ጥያቄያቸው ይሄን ማለት ነው። የጎን ሰበቃ ለመቀስቀስ ትንሽ መንቀሳቀስ ይበቃዋል፤ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር። ጫፉ ግን ሙሉ አቅሙን ለመስጠት የዲያሜትሩን ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህል መስጠም ይፈልጋል። ለ80 ሴንቲ ሜትር ፓይል ከ40 እስከ 80 ሚሊ ሜትር ነው። ሕንፃው ያን ያህል ሲሰጥም ግድግዳው ተሰነጣጥቆ አልቋል። ስለዚህ በመደበኛ ጭነት ጊዜ ፓይሉን የሚይዘው በዋናነት ጎኑ ነው። ሁለቱን ደምሮ በአንድ ማካፈያ መከፋፈል ወረቀት ላይ ትክክል ይመስላል፤ ጫፉ ግን ያኔ ገና ሥራ አልጀመረም።

በዚያ ላይ የተቆፈረ ፓይል ጫፍ ንጹሕ ላይሆን ይችላል። አሸዋ ከቤንቶናይቱ ውስጥ ይዘቅጥና ከሥር ይተኛል። ኮንክሪቱ በዚያ ልል ዝቃጭ ላይ ያርፋል።

ከእርሳቸው ጋር ሁለት ደንብ ተስማማን። አንደኛው፣ ጠቅላላው አቅም በ2.5 ተካፍሎ ጭነቱን ይሸከም። ሁለተኛው፣ ጎኑ ብቻውን፣ ጫፉ ዜሮ ሆኖ፣ ከጭነቱ ወደ ሁለት እጥፍ ይኑረው። ጫፉ በጠንካራው ሸክላ ውስጥ መግባት አለበት። ለሁለተኛው ደንብ ነው ብዙ የምንወርደው።

ጥቅምት 25

አዲሱ ስሌት። ሦስት ርዝመት ሞከርኩ፦ 18፣ 19 እና 20 ሜትር። በሦስቱም ላይ ከላይ እስከ 16 ሜትር ያለው አንድ ነው። ቡናማው ሸክላ 629፣ አሸዋው በአራቱም ሜትር 523፣ ግራጫው ሸክላ በ0.55 እና በ50 ሲሰላ 207 ኪሎ ኒውተን።

ለታችኛው ሸክላ `α`ን ወደ 0.45 አወረድኩት። ሸክላ እየጠነከረ ሲሄድ ከጥንካሬው ለሰበቃ የሚውለው ክፍልፋይ እየቀነሰ ነው የሚሄደው። 0.45 በ130 ሲባዛ 58.5 ኪሎ ፓስካል ነው። የመጨረሻውን አንድ ዲያሜትር፣ 80 ሴንቲ ሜትሩን፣ ከጎን ሰበቃው አወጣሁ፤ ጫፉ ሲጫን አጠገቡ ያለውን አፈር ስለሚያውከው። የጫፉ አቅም 9 በ130፣ 1170 ኪሎ ፓስካል፤ በስፋቱ ሲባዛ 588 ኪሎ ኒውተን።

በ18 ሜትር የጎን ድምሩ 1535፣ ጠቅላላው 2123 ይሆናል። በ2.5 ሲካፈል 849 ነው። ከዚህ ላይ የፓይሉ ክብደት ካወጣው አፈር የሚበልጥበትን ወደ 45 ኪሎ ኒውተን ስቀንስ 804 ቀረኝ። ከ800 በ4 ብቻ መብለጥ ነው። የመጀመሪያውን ደንብ በአፍንጫው ያልፋል፤ ሁለተኛውን ግን አያሟላም፤ ጎኑ ብቻውን ከክብደቱ ጋር ለሚመጣው ጭነት 1.8 እጥፍ ነው።

በ19 ሜትር በጠንካራው ሸክላ ውስጥ የሚቆጠረው 2.2 ሜትር ነው፤ 323 ኪሎ ኒውተን ይጨምራል። ጎን 1682፣ ጠቅላላ 2270። በ2.5 ሲካፈል 908፣ ክብደቱ ሲቀነስ 860 ገደማ። ጎኑ ብቻውን ከክብደቱ ጋር ለሚመጣው ጭነት ወደ 2 እጥፍ ነው። 19 ሜትር ላይ ቆረጥን። 20 ሜትር የሚጨምረው ወጪ እንጂ የሚያስፈልገን አቅም አልነበረም።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሁሉንም ንብርብር አማክዬ በአንድ `cu` ቢሆን ኖሮ የሠራሁት፣ ያ ግራጫ ሸክላ በአማካዩ ውስጥ ይጠፋ ነበር። የ12 ሜትሩን ወጥመድ ያሳየኝ ንብርብሮቹን ለየብቻ መሥራቴ ነው።

ብረቱ። ዋልካው ሲያብጥ በጎን እስከ 50 ኪሎ ፓስካል ቢይዘው፣ በ2.5 ሜትሩ ላይ 314 ኪሎ ኒውተን ወደ ላይ ይስበዋል። ሕንፃው ሳይጫን ክረምት ቢመጣ ይሄ በሙሉ በፓይሉ ላይ ውጥረት ነው። የታችኛው ጎን አጥብቆ ስለሚይዘው አይነቀልም። ብረቱ ግን እስከ ታች መውረድ አለበት፤ ግማሽ ላይ ከቆመ ኮንክሪቱ ይበጠሳል። 8 ዘንግ ባለ 20 ሚሊ ሜትር አደረግን፤ ወደ 25 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ለዚህ የፓይል ስፋት በአውሮፓው የቁፋሮ ፓይል ስታንዳርድ የተቀመጠው ዝቅተኛ መጠንም ይኸው ነው።

ኅዳር 16

የመጀመሪያው ፓይል። ከላይ 3 ሜትር ኬዚንግ፣ ግድግዳውን የሚይዝ የብረት ቱቦ፣ ገባ፣ ከዚያ በታች በቤንቶናይት ተቆፈረ።

አሸዋው ውስጥ ሲደረስ ኦፕሬተሩ አንድ ነገር አስተዋለ። ዕድሜ ጠገብ ሰው ነው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። "ኢንጂነር፣ ባልዲው ቶሎ ቶሎ ሲወጣ ውኃው ከሥር ይስባል። ግድግዳው ይፈርስብሃል" አለኝ። ልክ ነበር። ባልዲ በፍጥነት ሲነሳ ከሥሩ የመምጠጥ ኃይል ይፈጠራል፤ አሸዋውም ይናዳል። "እንዳሉት ይሁን ጋሼ" አልኩና በአሸዋው ውስጥ ቀስ ብለው እንዲያነሱ ተስማማን። የቤንቶናይቱም ደረጃ ከመሬት ውኃው በላይ ከፍ ብሎ እንዲቆይ አንድ ሠራተኛ ተመደበለት።

ከ16 ሜትር ጀምሮ ባልዲው የሚያወጣው ሸክላ ተለወጠ። ግራጫው በጣት ሲጫኑት ይገባል፤ ይሄኛው በጥፍር ብቻ ነው የሚጫረው። በየግማሽ ሜትሩ ናሙና በላስቲክ አሰርን።

19 ሜትር ደርሰን በማጽጃ ባልዲ ተጠረገ። በክብደት በታሰረ ሜትር ስንለካ 19.00። የብረቱ ኬጅ ወረደ፣ ኮንክሪት ወደ ታች የሚወርድበት ቱቦ፣ ትሬሚው፣ ተገጣጠመ። ይሄ 45 ደቂቃ ፈጀ። እንደገና ስንለካ 18.82 ሆነ። 18 ሴንቲ ሜትር ዝቃጭ። የቤንቶናይቱን የአሸዋ መጠን ስንፈትሽ 7 በመቶ ነው፤ የያዝነው ገደብ 4 በመቶ ነበር። ኮንክሪት መኪናው በር ላይ ቆሟል። አስቆምነው። ቤንቶናይቱን በትሬሚው በኩል ከሥር በአየር እየሳብን አጣራን። ከአንድ ሰዓት በኋላ አሸዋው 3 በመቶ፣ ጥልቀቱ 18.96። ከዚያ ኮንክሪት አፈሰስን።

የገባው ኮንክሪት 10.9 ሜትር ኩብ ነው። በስሌት 9.55 ነበር። በየመኪናው ከፍታውን ስንለካ ትርፉ አብዛኛው ከ9 እስከ 13 ሜትር ባለው ላይ ነው። አሸዋው በትንሹ ሰፍቷል። ለአቅሙ ይሄ አይጎዳም፤ ግድግዳው እንደተነቃነቀ ግን ይናገራል። ለዚህ ነው 0.71ን ባለመያዜ ደስ ያለኝ።

ኅዳር 21

ሦስተኛው ፓይል። ጠንካራው ሸክላ 16 ላይ አልመጣም። 16.5፣ 17፣ ባልዲው አሁንም ግራጫውን ያወጣል። የተቀየረው 17.2 ላይ ነው። ቦሪንጉ ከዚህ ፓይል 22 ሜትር ይርቃል፤ ንብርብር ደግሞ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ አይደለም።

ለዚህ ተዘጋጅቼ ነበር። በሥዕሉ ላይ 19 ሜትር ብዬ ብቻ አልጻፍኩም፤ "በጠንካራው ሸክላ ውስጥ ቢያንስ 3 ሜትር" የሚል አብሮ አለ። ስለዚህ ወደ 20.2 ሜትር ወረድን። 19 ላይ ብንቆም ኖሮ 1.2 ሜትር የጠንካራ ሸክላ በለስላሳ ይተካ ነበር፤ የጎን አቅሙ ወደ 94 ኪሎ ኒውተን ይቀንስ ነበር። ጫፉም በጠንካራው ሸክላ ውስጥ የሚገባው 1.8 ሜትር ብቻ ይሆን ነበር። ኬጁን ለማስረዘም ሁለት ሰዓት ጠፋ። ለቀጣዮቹ ኬጆች ትርፍ ርዝመት ይዘን እንድንመጣ ታዘዘ።

ታኅሣሥ 24

የመጀመሪያው ፓይል ላይ የጭነት ሙከራ። ከተጫነ ኮንክሪት ብሎክ ሥር በጃክ፣ እስከ 1200 ኪሎ ኒውተን፣ የሥራ ጭነቱን 1.5 እጥፍ። በ800 ላይ የሰመጠው 3.4 ሚሊ ሜትር ነው። በ1200 ላይ 6.1። ጭነቱ ሲነሳ 1.6 ሚሊ ሜትር ቀረ።

በ3.4 ሚሊ ሜትር ላይ ጫፉ ገና ብዙ አልሠራም፤ ጎኑ ነው የያዘው። የፈለግነው ይሄ ነበር። `β` 0.40 መሆኑን ግን ሙከራው አልነገረኝም። ፓይሉ እስኪሸነፍ አልተጫነም፣ በየንብርብሩም ውጥረት የሚለካ መሣሪያ አልተቀበረበትም። የትኛው ንብርብር ምን ያህል እንደሰጠ ከአንድ የላይ ንባብ አይወጣም። ባለቤቱ ለሁለተኛው ሕንፃ አንድ የሙከራ ፓይል በመለኪያ ጌጆች እንዲያደርግ ጠይቄያለሁ፤ እስከ መሸነፉ እንጭነዋለን። መልሱን ለሰኞ ቀጥሮኛል።